ትርፍን ማስዋብ እና ሙያዊ ጥርጣሬ

ትርፍን ማስዋብ ማለት በሂሳብ አያያዝ ውስጥ ለግምት የተተወውን ቦታ በመጠቀም የዓመቱን ውጤት ከእውነታው የተሻለ አስመስሎ ማቅረብ ነው። በባንክ ሥራ ዋናው መግቢያው የብድር መጠባበቂያ ነው።

ለምሳሌ አንድ የሐይቅ ነጋዴ የ1 ሚሊዮን ብር ብድሩን መክፈል ካቆመ 90 ቀን አለፈው እንበል። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ብድሩ ጤናማ መሆኑ ቀርቶ ቢያንስ 20 በመቶ፣ ማለትም 200,000 ብር መጠባበቂያ ይያዝለታል። ውሉ የሂሳብ ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ታድሶ እንደ ጤናማ ከተመዘገበ ግን የሚያዘው 1 በመቶ ብቻ ነው። አንዲት ሳንቲም ሳትገባ የሚያዘው መጠባበቂያ በ190,000 ብር ያንሳል፤ ትርፉም ከፍ ይላል። የሠራተኛው ቦነስና የባለአክሲዮኑ ድርሻ በዚሁ ትርፍ ስለሚወሰን፣ ግፊቱ ሂሳብ ሠራተኛው ላይ የሚበረታው በሰኔ ነው።

ሙያዊ ጥርጣሬ ያለው ኦዲተር በሰኔ የታደሱትን ውሎች ለይቶ ያወጣል፤ ውዝፍ ወለዱ በጥሬ ገንዘብ ተከፍሎ ወይስ በአዲሱ ብድር ተሸፍኖ እንደሆነ ያያል፤ በሐምሌና በነሐሴ የገባውን ክፍያም ይከታተላል። ይሁንና ማደስ ሁሉ ማታለል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና አምባሰልን ሲያዳርስ ሱቁ የተዘረፈበት ነጋዴ እውነተኛ የጊዜ ማራዘሚያ ያስፈልገው ነበር። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ንግዱ ዳግም መሸጥ መጀመሩ ነው።