የ«መብራት ኃይል» የዘር ሐረግ

ዲላ ላይም ሆነ ይርጋ ጨፌ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ሲነሣ ከሰው አፍ የማይጠፋው ስም «መብራት ኃይል» ነው። በሕግ ዓይን ግን በዚህ ስም የሚጠራ ድርጅት ከፈረሰ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ዛሬ ያሉት ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንደኛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይባላሉ። እነዚህን ልጆች ይዤ ወደ እናታቸው ለመድረስ ያደረግሁትን ጉዞ ለአንባቢ ላካፍል።

በስም መመራት እንደማያዋጣ የተረዳሁት ገና ከጅምሩ ነው። «ኃይል» የሚለውን ቃል የወረሰው አንደኛው በመሆኑ ዋናው ድርጅት እርሱ፣ «አገልግሎት» ደግሞ ከእርሱ የተገነጠለ ቅርንጫፍ ይመስላል። ነጋሪት ጋዜጣ የሚለው ሌላ ነው። ሁለቱም በ2006 ዓ.ም. በሁለት ተከታታይ ደንቦች፣ በቁጥር 302 እና በቁጥር 303፣ እንደ አዲስ ተቋቋሙ። እስከዚያ ድረስ ሥራውን በአንድነት ይዞ የነበረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ያን ጊዜ አከተመ። ስለዚህ ነገሩ ልጅ ከቤት ወጥቶ ጎጆ እንደ መቀለሱ ሳይሆን፣ እናት ሞታ ውርስ እንደ መከፈሉ ነው።

ውርሱ የተከፈለው በሥራው ዓይነት ነበር። ግድቦቹና ሌሎቹ ማመንጫዎች፣ በትልልቅ የብረት ምሰሶ የሚጓዘው የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመርና ሰብስቴሽኖቹ ለ«ኃይል» ደረሱ። በየመንደሩ የሚገባው የስርጭት መስመር፣ ቆጣሪው፣ ከደንበኛው ጋር ያለው ውልና ሒሳቡ ደግሞ ለ«አገልግሎት» ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛው ኤሌክትሪኩን በጅምላ ከአንደኛው እየገዛ ለደንበኞች ይቸረችራል።

ከኮርፖሬሽኑ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ብንወርድ 1989 ዓ.ም. ላይ እንደርሳለን። ኮርፖሬሽኑ በደንብ ቁጥር 18/1989 ሲቋቋም የተተካው የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነበር። ሕዝቡ «መብራት ኃይል» ብሎ ያሳጠረው ይህንኑ ነው። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 86/1989 ሌላ መሥሪያ ቤት፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲ፣ ተወለደ፤ ዘርፉን የመቆጣጠር ሥልጣን ለኤጀንሲው፣ ንግዱ ለኮርፖሬሽኑ ሆነ። የ2006ቱን ክፍፍል ብቻ የሚያይ ሰው ይህንን የቀደመ ክፍፍል ይስተዋል።

ባለሥልጣኑ ራሱ የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል የሚባል ድርጅት ሲሆን፣ በዚህ ስም የቆየው ለስምንት ወር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ስሙ የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል ነበር፤ ሥራው ከሸዋ አልፎ ወደ ሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች ስለ ሰፋ ስሙ ጠበበው። የሸዋው ድርጅትም በ1940 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የጠላት ንብረት ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነው። ያ «የጠላት ንብረት» በወረራው ዘመን ኮኒኤል የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ ይዞት የነበረው የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። እንግዲህ የሐረጉ ሥር ያለው በወራሪ ኩባንያ ንብረት ላይ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለዲላ ሰው ምን ይጠቅመዋል? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የቡና መፈልፈያ ባለቤት በ1998 ዓ.ም. ከኮርፖሬሽኑ ጋር የተፈራረመው የኤሌክትሪክ ውል አለው እንበል። በማሳው ላይ ደግሞ በዚያው ዘመን የተተከለ የከፍተኛ መስመር የብረት ምሰሶ ቆሟል፤ የካሣ ጥያቄም አለው። ሁለቱም ወረቀቶች የአንድ ድርጅት ማኅተም አለባቸው። ወራሻቸው ግን አንድ አይደለም፤ የውሉን ጉዳይ ለ«አገልግሎት»፣ የምሰሶውን ለ«ኃይል» ነው የሚያቀርበው። ማኅተሙን ብቻ አይቶ ሁለቱንም ወደ አንዱ ቢወስድ ግማሽ ጉዳዩ የማይመለከተው በር ላይ ይቀራል።

መንገዱን ለማግኘት ከድርጅቱ ስም ይልቅ የመቋቋሚያ ደንቡን መያዝ ይበጃል። ደንቡ መጨረሻ ላይ ስለ ተሻረው ሕግና ስለ መብትና ግዴታ መተላለፍ የሚናገሩ አንቀጾች ይፈለጋሉ። የተሻረው ሕግ ቁጥር እናቲቱን ያሳያል፤ የመተላለፉ አንቀጽ ደግሞ የትኛው ዕዳና የትኛው መብት ለየትኛው ልጅ እንደ ደረሰ ይናገራል። ከዚያም የተሻረውን ሕግ አንስቶ ያንኑ መድገም ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1990 የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቦርዳቸውን ከፋፍለው አብዛኛውን ለአክሲዮን ገዢዎች ሲሸጡ፣ የተሸጡት ልጆች ባለቤትም ተለወጠ። በእኛ አገር ሁለቱም ልጆች የመንግሥት እንደ ሆኑ ቀሩ። ባለቤቱ ስላልተለወጠ፣ ሕዝቡ ሁለቱን ዛሬም በአንድ ስም ቢጠራቸው አይፈረድበትም፤ ፍርድ ቤት ሲቆም ግን ተከሳሹን በአዲሱ ስሙ መጥራት ይኖርበታል።