አጎበርና የቢምቢ መከላከያ (ቂርያት መላኪ፣ ገደራ፣ ያቭኔ)

አጎበር አልጋን ከቢምቢ የሚከልል መረብ ነው። በእስራኤል ወባ ከጠፋ አሥርተ ዓመታት ስላለፉ፣ እዚህ ምርጫው እንደ ኢትዮጵያ ቆላ አይደለም። ስጋቱ ኩሌክስ የተባለው ቢምቢ ከወፎች ወደ ሰው የሚያስተላልፈው የዌስት ናይል ትኩሳት ነው፤ በ2000 እና በ2024 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ሰው ገድሏል። ኩሌክስ የሚነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ አጎበር ይመክተዋል።

ሲገዙ መረቡ ላይ ማስመሪያ ማስቀመጥ ይበቃል፦ በ1 ሴንቲሜትር ርዝመት 5 ያህል ቀዳዳ ሊቆጠር ይገባል። 3 ብቻ ከተቆጠረ፣ ጨርቁ ቢያምርም ቢምቢ ያልፋል። በዴልታሜትሪን የተነከረ አጎበር የሚያርፍበትን ቢምቢ ስለሚገድል ትንሽ ቢቀደድም ይጠቅማል፤ ያልተነከረው ግን ሳይቀደድ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ሁለቱም ጠርዛቸው ከፍራሽ ሥር መታጠፍ አለበት። ጠባብ ከሆነ ክርን መረቡን ይነካል፣ ቢምቢውም ከውጭ ሆኖ ይነድፋል። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው።

ቀን የሚነድፈውን ነብር ቢምቢ አጎበር አያቆመውም፤ ለእርሱ 20 በመቶ ዲት ወይም ፒካሪዲን ያለው ቅባት ይቀባል። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ግን አይቀባም፤ አልጋው በአጎበር ይሸፈናል።