ከመደበኛ ትንሽ ከፍ ያለ የክሬያቲኒን ውጤት

ክሬያቲኒን በጡንቻ ውስጥ የሚፈጠር፣ በደም ተጉዞ በኩላሊት ተጣርቶ ከሽንት ጋር የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን የሚለካው ኩላሊት ደምን ምን ያህል እንደሚያጣራ ለመገመት ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩን የሚወስነው ኩላሊት ብቻ አይደለም። ጡንቻ የሚያመርተው መጠንም ይወስነዋል። በዚህም ምክንያት ከመደበኛው ትንሽ ከፍ ያለ ውጤት ጤናማ ኩላሊት ባለው ጡንቻማ ሰው ላይ ሊታይ ይችላል። በአንጻሩ ጡንቻው በሳሳ ሰው ላይ «መደበኛ» የተባለ ውጤት የኩላሊትን ድካም ሊሸፍን ይችላል።

## አመጣጥ

የጡንቻ ሕዋሳት ለፈጣን ኃይል የሚጠቀሙበት ክሬያቲን የሚባል ውህድ አላቸው። በሰውነት ውስጥ ካለው ክሬያቲን አብዛኛው የሚገኘው በጡንቻ ውስጥ ሲሆን፣ ከዚህ ክምችት በየቀኑ 2 በመቶ ገደማ የሚሆነው በራሱ ጊዜ ወደ ክሬያቲኒን ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ሰው በቀን የሚያመርተው ክሬያቲኒን ከጡንቻው ብዛት ጋር የሚመጣጠን ሲሆን፣ ጡንቻው እስካልተለወጠ ድረስም ከቀን ወደ ቀን ብዙ አይለዋወጥም።

በደም ውስጥ ያለው መጠን በርሜል ውስጥ እንዳለ ውኃ ሊታይ ይችላል። ከላይ የሚገባው ጡንቻ የሚያመርተው ነው፤ ከታች የሚወጣው ኩላሊት የሚያጣራው ነው። የውኃው ከፍታ ሲጨምር ቀዳዳው መጥበቡን ወይም የሚገባው መብዛቱን ከከፍታው ብቻ መለየት አይቻልም።

## «መደበኛ» የሚባለው ክልል

ላቦራቶሪዎች ብዙውን ጊዜ ለአዋቂ ወንዶች ከ0.7 እስከ 1.3፣ ለሴቶች ከ0.6 እስከ 1.1 ሚሊግራም በዴሲሊትር አካባቢ ያለውን መደበኛ ይሉታል። ትክክለኛው ወሰን እንደ መሣሪያውና እንደ አሠራሩ ይለያያል። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ውጤቱን በማይክሮሞል በሊትር ይሰጣሉ፤ በሚሊግራም በዴሲሊትር የተሰጠውን ቁጥር በ88.4 በማባዛት ወደዚህ መለኪያ መቀየር ይቻላል።

የወንዶችና የሴቶች ክልል የተለያየበት ዋና ምክንያት ወንዶች በአማካይ ብዙ ጡንቻ ስላላቸው ነው። ነገር ግን ክልሉ የብዙ ሰዎች ልክ እንጂ የአንድ ሰው ልክ አይደለም። ሁልጊዜ 0.8 የነበረ ሰው 1.2 ቢደርስና ጡንቻው ካልተለወጠ፣ የማጣራት አቅሙ ከሦስት አንድ እጅ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው፤ ወረቀቱ ግን አሁንም «መደበኛ» ይላል። ስለዚህ ከወሰኑ ይልቅ የሰውዬው የቀድሞ ውጤት የተሻለ ማነጻጸሪያ ነው።

## የማጣራት ፍጥነት ግምት

ብዙ ላቦራቶሪዎች ከክሬያቲኒኑ ጎን eGFR የሚል ቁጥር ያትማሉ። ይህ ኩላሊት በደቂቃ ስንት ሚሊሊትር ደም እንደሚያጣራ የሚገልጽ ግምት ሲሆን፣ ለማነጻጸር እንዲመች በ1.73 ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት ይሰላል። በ2021 የወጣው ቀመር፣ ክሬያቲኒኑ ከ0.9 በላይ ለሆነ ወንድ የሚከተለው ነው፦

```
eGFR = 142 × (Scr / 0.9)^-1.2 × 0.9938^age
```

Scr የክሬያቲኒኑ ውጤት፣ age ደግሞ ዕድሜ ነው። ለሴቶች ሌሎች ቋሚ ቁጥሮች ይገባሉ። ቀመሩ የሚያውቀው ክሬያቲኒንን፣ ዕድሜንና ጾታን ብቻ ነው፤ ጡንቻን አይጠይቅም። በዚያ ዕድሜና ጾታ ያለ ሰው ሁሉ አማካይ ጡንቻ አለው ብሎ ያስባል።

ከ2021 በፊት በአሜሪካ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ቀመር የጥቁሮችን ውጤት በ1.159 ያባዛ ነበር። ለዚህ ይሰጥ ከነበሩት ማብራሪያዎች አንዱ «ጥቁሮች በአማካይ ብዙ ጡንቻ አላቸው» የሚል ነበር። ማባዣው የአንድን ቀጭን ሰው ኩላሊት ከእውነታው የተሻለ አስመስሎ ሊያሳይ ይችል ስለነበር፣ በአዲሱ ቀመር ውስጥ አልተካተተም።

## ምሳሌ

የሚከተሉት ሁለት ሰዎች ለማስረጃ የተፈጠሩ ናቸው፤ ስሌቱ ግን በእውነተኛዎቹ ቀመሮች የተሠራ ነው።

የመጀመሪያው ለዓመታት ክብደት ሲያነሳ የቆየ የ28 ዓመት ወንድ ነው። ክሬያቲኒኑ 1.4 ሆኖ «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ተደርጎበታል። ቀመሩ 70 ይሰጠዋል፤ ይህም ለዕድሜው ዝቅ ያለ ነው። ሁለተኛዋ ክብደታቸው የቀነሰና ብዙ የማይንቀሳቀሱ የ75 ዓመት እናት ናቸው። ክሬያቲኒናቸው 0.9 በመሆኑ ምንም ምልክት አልተደረገበትም፤ ግምቱም 67 ነው። ሁለቱ ተቀራራቢ ኩላሊት ያላቸው ይመስላል።

ሲስታቲን ሲ በደም ውስጥ የሚለካ ሌላ ፕሮቲን ነው። የሚመረተው በጡንቻ ብቻ ሳይሆን በመላ ሰውነት ሕዋሳት ስለሆነ የጡንቻ ብዛት ብዙም አያዛባውም። የወጣቱ ሲስታቲን ሲ 0.9 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ግምቱ ወደ 102 ከፍ ይላል፤ የእናትየዋ 1.4 ቢሆን ወደ 44 ይወርዳል። የተባለው «ከፍተኛ» ውጤት የጡንቻ፣ «መደበኛው» ደግሞ የኩላሊት ድካም ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ለእናትየዋ ይህ በተግባር ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ በኩላሊት በኩል የሚወጡ መድኃኒቶች መጠን የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነውና።

## ሌሎች ምክንያቶች

በሙቀት የበሰለ ሥጋ ውስጥ ያለው ክሬያቲን ከፊሉ ወደ ክሬያቲኒን ስለሚለወጥ፣ ብዙ ጥብስ ወይም ቅቅል ከተበላ በኋላ ለሰዓታት ውጤቱ ከፍ ሊል ይችላል። ለስፖርት የሚወሰድ የክሬያቲን ዱቄት፣ ከባድ እንቅስቃሴና የውኃ ጥማትም እንዲሁ። ኮትሪሞክሳዞል በተባለው ፀረ ተሕዋስ ውስጥ ያለው ትራይሜቶፕሪም ደግሞ ኩላሊትን ሳይጎዳ፣ ክሬያቲኒን ከማጣሪያው ውጭ ወደ ሽንት የሚወጣበትን ሁለተኛ መንገድ ስለሚያግድ ቁጥሩን ያሳድጋል።

## ማረጋገጫ

ትንሽ ከፍ ያለ አንድ ውጤት ብቻውን ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታን አያረጋግጥም። በሽታው አለ የሚባለው ግምቱ ከ60 በታች ሆኖ ወይም ሌላ የጉዳት ምልክት ታይቶ ከ3 ወር በላይ ሲቆይ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከዋዜማው ጀምሮ ሥጋና ከባድ እንቅስቃሴ ቀርቶ ይደገማል። የሽንት አልቡሚንም ይለካል፤ የጡንቻ መብዛት አልቡሚንን ወደ ሽንት አያፈስምና፣ በተደጋጋሚ ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ኩላሊት ያዘነብላል። ከባድ እንቅስቃሴና ትኩሳት ግን ለጊዜው ሊያሳዩት ይችላሉ። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም መኖር አለመኖርም ይታያል።

ሲስታቲን ሲ በሁሉም ቦታ አይሠራም፤ የራሱም ድክመት አለው። የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ስቴሮይድ መድኃኒት፣ ሲጋራና ከልክ ያለፈ ውፍረት ያዛቡታል። በተገኘበት ቦታ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሰላ ቀመር ከእያንዳንዳቸው የተሻለ ግምት ይሰጣል።

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ የሚሠራው ቁጥሩ ረግቶ ሲቆይ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ የጨመረ ክሬያቲኒን ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ከሚለይባቸው መስፈርቶች አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ eGFR አያገለግልም፤ ጡንቻ በሁለት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ስለማያድግም ጭማሪው በጡንቻ ብዛት ሊመካኝ አይችልም።