የዕዳ ማፍጠኛ አንቀጽ

የባንክና የሕግ ሰዎች «አክስለሬሽን» የሚሉትን እዚህ «ዕዳ ማፍጠን» ብለነዋል። ተበዳሪው ግዴታውን ሲያጓድል፣ ወራቸው ያልደረሱ ክፍያዎች ሁሉ እንደደረሱ ተቆጥረው ቀሪው ዕዳ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል ማለት ነው። በብድር ውላችሁ ላይ ግን ስሙን ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው «ባንኩ ቀሪውን ብድር ከነወለዱ በሙሉ እንዲከፈለው የመጠየቅ መብት አለው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

አዳማ ላይ ዱቄት ፋብሪካ ያለውን አንድ ነጋዴ እናስብ። ቤቱን አስይዞ 6 ሚሊዮን ብር ተበድሯል፤ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው፤ ዋናውን ገንዘብ በየወሩ 100,000 ብር እየቀነሰ በ60 ወር ይጨርሳል። ሃያ ወር ሳያዛንፍ ከፈለና 4 ሚሊዮን ቀረው። ከዚያ ስንዴ ጠፋ፤ ሁለት ወር ዘለለ። ያጓደለው 200,000 ብር ዋናና በየወሩ 60,000 ብር ወለድ፣ በድምሩ 320,000 ብር ነው። ይህን ይዞ ባንክ ቢሄድ፣ ዕዳው ከተፋጠነ የሚጠየቀው 320,000 ሳይሆን 4,120,000 ብር ነው። የመቀጫ ወለዱም መልኩን ይለውጣል። በዓመት 3 በመቶ መቀጫ በተጓደለው 200,000 ዋና ገንዘብ ላይ ሲሰላ በወር 500 ብር ሲሆን፣ በ4 ሚሊዮኑ ላይ ሲሰላ 10,000 ብር ይሆናል።

አንቀጹ በራሱ ግፍ ነው አልልም። ባይኖር ኖሮ ባንኩ ለእያንዳንዱ ወር ክፍያ ለየብቻ መጠየቅ ይኖርበት ነበር። ክርክሩ አንቀጹ መቼ ይነሳል፣ ከመነሳቱ በፊትስ ምን ዕድል ይሰጣል በሚለው ላይ ነው።

መቼ ለሚለው፣ ክፍያ መዝለል ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመያዣው የመድን ሽፋን ሳይታደስ መቅረቱ፣ ቤቱን ባንኩ ሳይፈቅድ ማከራየት፣ በሌላ ብድር ላይ ማጓደል፣ አንዳንዴም «ባንኩ ብድሩ አደጋ ላይ ነው ብሎ ሲያምን» የሚል ሐረግ ይገባል። የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል፤ ተበዳሪው ምንም ሳያጠፋ ሊነሳበት ይችላልና። ቢያንስ «በበቂ ምክንያትና በጽሑፍ» የሚል ይጨመርበት። አንድ ሌላ ወጥመድም አለ፦ ባንኩ ዘግይቶ የመጣ ክፍያ ተቀብሎ ዝም ስላለ መብቱን ትቷል ብሎ ማሰብ። ውሉ ዝምታ መብትን እንደ መተው አይቆጠርም የሚል ከሆነ፣ አምስተኛው መዘግየት ላይ ባንኩ ሊነሳ ይችላል።

ዕድል ለሚለው ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሠላሳ ቀኑ ነው። በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅዳል፤ ቅድመ ሁኔታው ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ይህ የሽያጭ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የተጓደለውን ከፍሎ ወደ ድሮው የወር ክፍያ የመመለሻ ጊዜ አይደለም። ነጋዴያችን በሠላሳው ቀን ውስጥ 320,000 ይዞ ቢቀርብና ዕዳው ቀድሞ ተፋጥኖ ከሆነ፣ ሐራጁን የማስቆም መብት በእጁ የለም፤ የባንኩን በጎ ፈቃድ መለመን ብቻ ይቀረዋል። በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 216/1992 መሠረት በሁለተኛውም ሐራጅ ገዢ ካልቀረበ፣ ባንኩ ንብረቱን በተገመተው ዋጋ ራሱ ሊረከብ ይችላል። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነም ጉድለቱ በተበዳሪው ላይ ይቆያል። ባንኩ የአዋጁን ሥርዓት ጥሶ ቢሸጥ ለሚደርሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ግን ካሳ የሚገኘው ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው።

ስለዚህ የማረሚያ ጊዜው ከማፍጠኑ በፊት መቀመጥ አለበት፦ «ባንኩ ጉድለቱን በጽሑፍ አሳውቆ ተበዳሪው በ30 ቀን ውስጥ ካላረመ ብቻ ቀሪው ዕዳ በሙሉ ይጠየቃል»። ያን ጊዜ ነጋዴያችን 320,000 ብሩንና መቀጫውን ከፍሎ በ60 ወር ፕሮግራሙ ይቀጥላል። ማሳወቂያው በየትኛው አድራሻ እንደሚደርስም ይጻፍ፤ አድራሻ ቀይሮ ሳያሳውቅ የቀረ ሰው ስለ ሐራጁ ከጋዜጣ ሊሰማ ይችላል። ቤቱ የአባት ወይም የእህት ከሆነ ደግሞ ቅጂው ለእነሱም እንዲሄድ ይጠየቅ።

የመያዣ ውሉንም ከብድሩ ውል ጋር አስተያዩት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ዋስ የሚሆንለትን ገንዘብ መጠን በኢትዮጵያ ገንዘብ እንዲገልጽ ያስገድዳል። «ወደፊት ለሚወሰዱ ብድሮች ሁሉ» የሚል ቃል ካያችሁ፣ ቤቱ ለዚህ ብድር ብቻ መያዙን የሚገልጽ ማስተካከያ ሳይገባበት አትፈርሙ።