ቃል የማጠፍ ክልከላ፦ ያለ አጸፋ የተገባ ቃል መቼ ያስገድዳል?

ወይዘሮ አና ፋይንበርግ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ፋይፈር የተባለ የመድኃኒት አምራች ድርጅት ሥራ የጀመሩት በ1910 እ.ኤ.አ. ገና በ17 ዓመታቸው ነበር። ከሒሳብ መዝገብ ሠራተኛነት ተነስተው የቢሮ ኃላፊና ረዳት ገንዘብ ያዥ እስከ መሆን ደረሱ። በ1947 ማብቂያ ላይ የድርጅቱ ቦርድ ተሰብስቦ የረጅም ዘመን አገልግሎታቸውን አመሰገነ፤ የወር ደመወዛቸውንም ከ350 ወደ 400 ዶላር ከፍ አደረገ። በፈለጉት ጊዜ ሥራቸውን ቢለቁ ደግሞ እስከ ዕድሜ ልካቸው በየወሩ 200 ዶላር ጡረታ እንደሚከፈላቸው ወሰነ።

ወይዘሮ አና አንድ ዓመት ተኩል ሠርተው በ1949 አጋማሽ ለቀቁ። ክፍያው ለዓመታት ሳይቋረጥ ቀጠለ። በኋላ ግን አመራሩ ተለወጠ። አዲሱ አመራር ገንዘቡን እንደ ችሮታ ቆጥሮ በሚያዝያ 1956 የ100 ዶላር ቼክ ላከላቸው። እሳቸውም ቼኩን አልቀበልም ብለው ድርጅቱን ከሰሱ።

የድርጅቱ መከራከሪያ በእንግሊዝና በአሜሪካ የውል ሕግ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። በእነዚህ አገሮች አንድ ቃል ውል ሆኖ እንዲያስገድድ ቃሉ የተገባለት ሰው በምላሹ አንድ ነገር መስጠት፣ ማድረግ ወይም መተው አለበት። ይህ ምላሽ ኮንሲደሬሽን ይባላል። በአማርኛ «የውል አጸፋ» ልንለው እንችላለን። አጸፋው በዋጋ ከቃሉ ጋር እንዲመጣጠን አይጠበቅም፤ ነገር ግን ለቃሉ መለወጫ ሆኖ የተጠየቀ መሆን አለበት።

የወይዘሮ አና የዓመታት አገልግሎት ይህን መስፈርት አላሟላም። ቃሉ በተገባበት ቀን ያ ሥራ ተሠርቶ፣ ደመወዙም ተከፍሎ አልቋል፤ ያለፈ ነገር ደግሞ አጸፋ አይሆንም። ከውሳኔው በኋላ የሠሩበት አንድ ዓመት ተኩልስ? ቦርዱ ወደፊት እንዲሠሩ ግዴታ አላስገባቸውም፤ በማግስቱ ቢለቁም ጡረታው የእሳቸው ነበር። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ አጸፋ የለም የሚለውን ክርክር ተቀበለ።

ይሁንና ወይዘሮ አና በ1959 ረቱ። የረቱት ፕሮሚሰሪ ኢስቶፔል በተባለው መርህ ነው። ለዚህ መርህ «ቃል የማጠፍ ክልከላ» የሚለው ስም ይስማማዋል። «እግድ» ብንለው ፍርድ ቤት ክርክር እስኪያልቅ ከሚሰጠው ትእዛዝ ጋር ይምታታል። መርሁ በ1932 በወጣው የአሜሪካ የውል ሕግ ማጠቃለያ ክፍል 90 ሰፍሯል። ቃል የገባው ሰው ሌላው በቃሉ ተማምኖ አንድ እርምጃ እንደሚወስድ መገመት ነበረበት፤ ያም ሰው በእርግጥ በቃሉ ምክንያት እርምጃውን መውሰድ አለበት፤ ፍትሕ የሚጠበቀውም ቃሉ ሲፈጸም ብቻ መሆን ይኖርበታል። ወይዘሮ አና በቃሉ ተማምነው ደመወዝ የሚያገኙበትን ሥራ ትተዋል፤ ክፍያው ሲቀነስ ደግሞ በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ስለነበሩ ያንን የመሰለ ሥራ ሊያገኙ አይችሉም ነበር።

መርሁ የሚቆምበትን ድንበር የሚያሳየው በ1982 በሮድ አይላንድ የተወሰነው የሃየስ ጉዳይ ነው። አቶ ሃየስ ለ25 ዓመታት ከሠሩበት የብረት ድርጅት በሐምሌ 1972 እንደሚለቁ ያስታወቁት ወራት ቀደም ብለው ነበር። ሊለቁ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው አንድ የድርጅቱ ኃላፊ ድርጅቱ እንደሚያስብላቸው ነገራቸው። ከዚያም ለአራት ዓመታት በየዓመቱ 5,000 ዶላር ተከፈላቸው፤ ከዚያ ቆመ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለድርጅቱ ፈረደ። አቶ ሃየስ የወሰኑት ቃሉን ከመስማታቸው በፊት ስለሆነ ሥራቸውን ያስለቀቃቸው ቃሉ አይደለም።

ሁለቱን ጉዳዮች የለየው የቃሉ ልግስና ወይም የአገልግሎቱ ርዝመት ሳይሆን የድርጊቶቹ ቅደም ተከተል ነው። በእንግሊዝ መርሁ ከዚህም ይጠብባል። በ1951 በተወሰነው የኮምብ ጉዳይ ባል ለፈታት ሚስቱ በዓመት 100 ፓውንድ ሊከፍል ቃል ቢገባም፣ መርሁ ነባር መብቱን ሊያስከብር የመጣ ሰው የሚመከትበት እንጂ አዲስ መብት የሚፈጥር አይደለም ተብሎ ሳታገኝ ቀርታለች።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አጸፋን ለውል መቋቋሚያ አይጠይቅም። አንቀጽ 1678 የሚዘረዝረው የተዋዋዮችን ችሎታና ፈቃድ፣ የውሉን ጉዳይ፣ እንዲሁም ሕጉ ካዘዘ የውሉን ፎርም ነው። ስጦታም ራሱ ውል ሆኖ የተለየ ሥርዓት አለው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ «ምን ሰጠህ?» ከማለት ይልቅ ተዋዋዮቹ በእርግጥ ለመገደድ ፈቅደው እንደነበርና ፎርሙ መሟላቱን መመርመር ይቀድማል።

በአሜሪካ የሚሠራ ሰው ግን አሠሪው ጡረታ ወይም ጉርሻ ቃል ቢገባለት ማስረጃው ሁለት ቀኖችን ማሳየት አለበት፤ ቃሉ የተገባበትን ቀንና መልቀቂያው የቀረበበትን ቀን። መልቀቂያው ከቀደመ የአቶ ሃየስ ዕጣ ይደርሰዋል።