እፍግታ፦ በእጅ የማይዳሰስ የጡት ጠባይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት የ46 ዓመት እናት ማሞግራም ከተነሣች በኋላ ደብዳቤ ደረሳት። እዚያው ያደገችው ልጇ አንብባ፣ «እማዬ፣ ጡትሽ ጠንካራ ነው፤ ለተጨማሪ ምርመራም ተመለሺ ይላል» አለቻት። እናትየዋ ጡቷን ዳሰሰች፤ ለስላሳ ነው። «ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ነው» ብላ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ደብዳቤው ትክክል ነበር። የተሳሳተው የአንድ ቃል ትርጉም ነው።

ቃሉ «ዴንስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 10 ቀን 2024 ጀምሮ በአሜሪካ ማሞግራም የሚያነሣ ማዕከል ሁሉ፣ ጡቷ ዴንስ መሆን አለመሆኑን ለእያንዳንዷ ሴት በጽሑፍ እንዲገልጽ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያስገድዳል። ስለዚህ ቃሉ ከሐኪሞች ክፍል ወጥቶ እንግሊዝኛ በማይቀናቸው እናቶች ቤትም ገብቷል። «ጠንካራ» ብሎ መተርጎም በእጅ የሚታወቅ ነገር ያስመስለዋል፤ «ወፍራም» ማለት ደግሞ ስለ ጡት መጠን የተነገረ ያደርገዋል። ሁለቱም አይደለም። እኔ የምመርጠው ከፊዚክስ መጻሕፍታችን የምናውቀውን «እፍግታ» ነው። ታክሲ ውስጥ ታፍገን መጣን ስንል ቦታው በሰው ተሞላ ማለታችን ነው። እፍግ ጡትም ከስቡ ይልቅ ሌላው ህብረ ሕዋስ የታፈገበት ጡት ነው።

ስብ ኤክስሬይን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ምስሉ ላይ ይጠቁራል። ወተት የሚያመነጨው ክፍልና እሱን ደግፎ የሚይዘው ህብረ ሕዋስ ጨረሩን ይበልጥ ስለሚያስቀሩ ይነጣሉ። እዚህ ላይ ለአስተርጓሚዎች አንድ አደራ አለኝ፦ ይህን ነጭ ክፍል በደፈናው «እጢ» አትበሉት። በሕክምና ቋንቋ እጢ ጤናማ አካል ሊሆን ይችላል፤ በሕዝቡ ጆሮ ግን እጢ ወጣብሽ ማለት ነው። «ወተት አመንጪው ክፍል» ቢባል ማንም አይደነግጥም።

ችግሩ የሚመጣው ካንሰርም ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ነው። ጥቁር ሸማ ላይ የወደቀ ጥጥ ከሩቅ ይታያል፤ ነጭ ጋቢ ላይ የወደቀውን ግን ጎንበስ ብሎ መፈለግ ይጠይቃል። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ ያዘጋጀው ባይ-ራድስ የተባለው የአገላለጽ ሥርዓት እፍግታን ከኤ እስከ ዲ በአራት ደረጃ ይከፍለዋል። ኤ ከሞላ ጎደል ስብ ብቻ ነው፤ ቢ እዚህም እዚያም የተበተነ ነጭ ያለበት ነው። ሲ ትንንሽ ነገር ሊደብቅ የሚችል፣ ዲ ደግሞ እጅግ የታፈገ ነው። እፍግ የሚባሉት ሲ እና ዲ ናቸው። በአሜሪካ ከ10 ሴቶች 4ቱ ያህል ሲ፣ 1ዷ ዲ ላይ ስለሚያርፉ፣ እፍግ መሆን የተለመደ ነገር እንጂ በሽታ አይደለም። ቢሆንም የካንሰርን ዕድል በመጠኑ ይጨምራልና ችላ የሚባል አይደለም።

ሬዚደንቶች በተደጋጋሚ የሚስቱት ነገር አለ። ነጩን ክፍል በመቶኛ ለክተው ደረጃ መስጠት ይፈልጋሉ። የቀደመው እትም በእርግጥ በመቶኛ ይከፍል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አምስተኛው እትም ግን ተወው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አብዛኛው ስብ የሆነ ጡት አንድ ጥጉ ላይ ብቻ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ቢኖረው፣ ያ ጥግ ካንሰር ለመደበቅ ይበቃል። ጥያቄው ነጩ ስንት እጅ ነው ሳይሆን ምን ሊሸፍንብኝ ይችላል ነው።

ወደ እናትየዋ እንመለስ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከማዕከሉ ተደውሎላት ተመለሰች። የመጀመሪያው ንባብ «ሲ» ይላል፤ በቀኝ ጡቷ ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል። አንደኛው 11 ሚሊሜትር የሆነ ሞላላ «ማስ» ነው። እኔ «ቋጠሮ» እለዋለሁ፤ «እብጠት» ከተባለ በእጅ የሚገኝ ስለሚመስል፣ ይህ ግን በእጅ አልተገኘም። ቋጠሮ ለመባል ከላይ ወደ ታች በተነሣውም፣ በሰያፍ በተነሣውም ምስል ላይ መታየት አለበት። በአንዱ ብቻ ከታየ የተደራረበ ጤናማ ህብረ ሕዋስ ሊሆን ይችላልና ቋጠሮ አይባልም።

ከዚያ ጠርዙ ይታያል። ቢያንስ ሦስት አራተኛው ጥርት ብሎ ከታየ «ጥርት ያለ ጠርዝ» ይባላል፤ እንደ እሾህ ዙሪያውን የሚበተን ጠርዝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳስባል። የእሷ ግን ከሩብ በላይ የሆነው በነጩ ተሸፍኗል። ስለዚህ ትክክለኛው ቃል «የተሸፈነ ጠርዝ» ነው። ለስላሳ መስሎ ስለታየ ብቻ «ጥርት ያለ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ያላየውን ነገር መሰከረ ማለት ነው። እንግሊዝኛው የቋጠሮውንም ንጣት «ዴንሲቲ» ይለዋል፤ እዚህ ግን «ንጣት» ማለት ይሻላል። የሚነጻጸረው ቋጠሮው በመጠን ከሚያህለው ጤናማ ነጭ ህብረ ሕዋስ ጋር ነው። የእሷ እኩል ነበር።

ሁለተኛው የካልሲየም ቅንጣቶች ናቸው። «ጠጠር» አልልም፤ እንደ ኩላሊት ጠጠር ይወጣልኛል ያሉ ሴቶች ገጥመውኛልና። ወተት ከመጠጣትም አይመጡም። ብዙዎቹ ጉዳት የላቸውም፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ እንደ ባቡር ሐዲድ በትይዩ የሚሰመሩት፣ ወይም እንደ ፈንድሻ የሚገዝፉት አያስጨንቁም። የእሷዎቹ ግን ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሱ፣ እያንዳንዳቸው ቅርጻቸው የተለያየ፣ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ የተሰበሰቡ 7 ቅንጣቶች ነበሩ። 5 እና ከዚያ በላይ እንዲህ ሲጠጋጉ «በቡድን የተሰበሰቡ» ይባላሉ። ካልሲየም ከነጩ ህብረ ሕዋስም በላይ ስለሚነጣ፣ እፍግ ጡት ቋጠሮን የሚሸፍነውን ያህል እሱን አይሸፍነውም።

የመጀመሪያው ንባብ ለሁለቱም ዜሮ ሰጠ፤ ትርጉሙ «ምስሉ አልበቃም» እንጂ «ምንም የለም» አይደለም። በአልትራሳውንድ ሲታይ ቋጠሮው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆነና ጉዳዩ ተዘጋ። ቅንጣቶቹ በአልትራሳውንድ አልታዩም፤ በማጉያ ማሞግራም ግን ቅርጻቸው ይበልጥ ግልጽ ሆነ፤ ናሙና መውሰድን የሚጠይቀው 4ቢ ደረጃ ተሰጣቸው። በማሞግራም እየተመራ በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ቅንጣቶቹ መገኘታቸውን ለማረጋገጥ ናሙናው ራሱ ኤክስሬይ ተነሣ። ውጤቱ ከወተት ቱቦ ያልወጣ፣ ገና ያልተስፋፋ ካንሰር ነበር።

ልጅቷ «ጠንካራ» ካለችበት ቀን እስከ ስልኩ ድረስ ሦስት ሳምንት አልፏል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለእናቱ ወይም ለጎረቤቱ የሚያነብ ሰው «ጡትሽ እፍግ ነው፤ ምስሉ ላይ ነጭ ስለሚበዛ ትንሽ ነገር ሊሸፈን ይችላል» ይበል፤ ተመለሺ የሚል ቃል ካለበትም ቀጠሮው በዚያው ዕለት ይያዝ።