በደም ዘርን ሊለዩ የተነሱት ባልና ሚስት

«ደሜ ነው» ስንል ዘመዴ ነው ማለታችን ነው። ግን የሰው ዘር በደሙ ይታወቃል? ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በቁጥር ሊመልሱ የሞከሩ ሁለት ፖላንዳውያን ሐኪሞች ነበሩ፤ ሉድቪክ ሂርሽፌልድና ባለቤቱ ሃና።

ጊዜው አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ የተቃረበበት፣ ቦታው የግሪኳ ተሰሎንቄ ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከህንድ፣ ከሴኔጋል፣ ከማዳጋስካርና ከቬትናም ሳይቀር ወታደር አምጥተው አስፍረውባታል። ባልና ሚስቱ 8,000 ያህል ሰዎችን መረመሩና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1919 አሳተሙ።

ከእንግሊዞቹ 43 በመቶው ኤ፣ 7 በመቶው ቢ ሆነው ተገኙ። ከህንዶቹ ደግሞ 19 በመቶው ኤ፣ 41 በመቶው ቢ ነበሩ። ሂርሽፌልዶች ከዚህ ተነስተው ኤ ከአውሮፓ፣ ቢ ከህንድ የፈለቁ የሁለት ጥንታዊ ዘሮች ምልክት ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ።

ሰንጠረዣቸው ግን ሌላም ነገር ይናገር ነበር። ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ በመረመሯቸው ሕዝቦች ሁሉ ውስጥ አሉ። የሚለያየው መጠናቸው ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ብልቃጥ የቢ ደም ቢሰጣችሁ፣ ባለቤቱ ህንዳዊ ነው ብላችሁ መገመት ትችሉ ይሆናል እንጂ እርግጠኛ መሆን አትችሉም። ኋላ በተሠሩ ካርታዎችም ላይ ቢ ከእስያ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል፤ እዚህ ላይ ያበቃል የሚባል ድንበር የለውም።

ምክንያቱ የእነዚህ ዓይነቶች ዕድሜ ነው። የኤ እና የቢ ልዩነት በጊቦን ዝንጀሮዎችም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የጂን ጥናት ልዩነቱን ቢያንስ 20 ሚሊዮን ዓመት ወደኋላ ወስዶታል። ይህ ማለት ከየትኛውም ሕዝብ መለያየት በፊት የነበረ ነው፤ የተለያየው ሁሉ ይዞት ሄደ። በሽታም አንዱ ዓይነት ብቻውን እንዳይነግሥ ያደርጋል። ኦ የሆነ ሰው ከባድ ወባ ብዙም አያጠቃውም፤ ኮሌራ ግን ይበረታበታል። በእርግጥ የደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም ኦ ናቸው። ቢሆንም ኦ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ከእንግሊዞቹም ግማሽ የሚጠጉት ኦ ናቸው።

የደም ዓይነት አንድን ቤተሰብ እንኳ አያጥርም። አባት ኤ፣ እናት ቢ ሆነው ሁለቱም ኦን በድብቅ ከተሸከሙ፣ አራት ልጆቻቸው አራት ዓይነት ደም ሊኖራቸው ይችላል። ያኔ ለአንዱ ልጅ ደም የሚሆነው የወንድሙ ሳይሆን የማያውቀው ሰው ደም ሊሆን ይችላል።

ናዚዎች ስለ «ደም» ብዙ ጮኸዋል። አይሁዳዊውን ለመለየት ሕጋቸው ያየው ግን ደሙን ሳይሆን የአያቶቹን ሃይማኖት ነው። ካቶሊክ የሆነው ሂርሽፌልድም በትውልዱ አይሁዳዊ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1941 ዋርሶ ጌቶ ገባ። አምልጦ ተረፈ። የስምንት ሺህ ሰው ደም የመረመረውን ሐኪም ጌቶ ያስገባው መዝገብ እንጂ የደም ምርመራ አልነበረም።